የጾም ቀን ማዕድ፦ የትኛውን እህል ከየትኛው ጥራጥሬ ጋር፣ በምን ያህል መጠን?

በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ሲነሱ፣ የቤተሰቡ ፕሮቲን በአብዛኛው ከእህልና ከጥራጥሬ ብቻ ይመጣል። በዚህ መመሪያ እህል የምለው ጤፍን፣ ስንዴን፣ ገብስን፣ በቆሎንና ማሽላን ሲሆን፣ ጥራጥሬ የምለው ደግሞ ምስርን፣ ሽምብራን፣ አተርን፣ ባቄላን፣ ጓያንና አኩሪ አተርን ነው። እንጀራን በሽሮ ወይም በምስር መብላት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለምና፣ ሁለቱን ማጣመር እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ብዙ ጊዜ ሳይመለስ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለዚህ እህል የትኛው ጥራጥሬ ይሻላል፣ ስንት ግራም ይበቃል፣ በአንድ ማዕድ መቅረብስ አለባቸው ወይስ በቀኑ ውስጥ መገናኘታቸው ይበቃል? ምርጫዎቹን የማነጻጽረው አንድ ጤነኛ አዋቂ በጾም ቀን ከሚመገበው ምግብ በመነሣት ነው፤ ስለ ሕፃናት በመጨረሻ ለብቻው እመለስበታለሁ።

መመዘኛው ላይሲን ነው

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ንጥረ ነገሮች ይገነባል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን አካላችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል በምግብ ማግኘት ግድ ነው። ማዕድ በምንመርጥበት ጊዜ ግን ዘጠኙንም አንድ በአንድ መከታተል አያስፈልግም፤ እህልና ጥራጥሬ በበቂ መጠን የሚበላ ሰው አብዛኞቹን ሳያስብበት ያገኛቸዋልና። ለእጥረት የሚጋለጡት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ላይሲን ሲሆን በእህል ውስጥ አነስተኛ፣ በጥራጥሬ ውስጥ ብዙ ነው። ሁለተኛው ሜቲዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ጥንድ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተቃራኒው በጥራጥሬ ውስጥ ያንሳሉ፣ በእህል ውስጥ ይበዛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በጋራ ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ አንድ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የዚያ ፕሮቲን እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 45 ሚሊ ግራም ላይሲንና 22 ሚሊ ግራም ድኝ ያለው ጥንድ ሊይዝ ይገባል። በአንድ ግራም የጤፍ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን 28 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በነጭ የስንዴ ዱቄት 22፣ በማሽላ 21፣ በበቆሎ 28፣ በገብስ 36 ገደማ ይሆናል። ከጥራጥሬዎቹ ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ግን በአንድ ግራም ፕሮቲን ከ64 እስከ 72 ሚሊ ግራም ላይሲን ይይዛሉ። የዘር ዓይነትና የአፈር ልዩነት እነዚህን ቁጥሮች ከፍና ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ደረጃቸውን ግን እምብዛም አይለውጠውም።

ሁለቱን ጉድለቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተውላል። እህልና ጥራጥሬ እኩል ይደጋገፋሉ ቢባልም ድጋፉ ሚዛናዊ አይደለም። ምስርና ባቄላ ድኝ ካለው ጥንድ በአንድ ግራም ፕሮቲን 21 ወይም 22 ሚሊ ግራም፣ ሽምብራና አተር ደግሞ ከ25 እስከ 27 ስለሚይዙ ከሚፈለገው መጠን ላይ ወይም ጥቂት ዝቅ ብለው ይገኛሉ፤ ጥቂት እህል ሲጨመርባቸው ጉድለቱ ይሞላል። የጤፍ ወይም የስንዴ የላይሲን ጉድለት ግን ከሚፈለገው መጠን ሲሶውን ወይም ግማሹን የሚያህል ነው። ስለዚህ እህል ከጥራጥሬ የሚፈልገው ድጋፍ ጥራጥሬ ከእህል ከሚፈልገው በብዙ ይበልጣል። እንጀራው ሰፊ፣ ወጡ ቀጭን በሆነበት ማዕድ የሚጎድለው ሁልጊዜ ላይሲን እንጂ ሜቲዮኒን አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለው ንጽጽር ሁሉ በላይሲን የሚለካውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ማዕድ ወይስ በአንድ ቀን?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እህልና ጥራጥሬ በአንድ ማዕድ ላይ ካልተበሉ አይደጋገፉም የሚል ትምህርት በስፋት ተሰራጭቶ ነበር። ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ ያስተዋወቀችው አሜሪካዊት ጸሐፊ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሷ አርማዋለች። አካል አሚኖ አሲዶችን በሰዓት እየቆጠረ አይጠቀምም። በደምና በሥጋ ጡንቻ ውስጥ ያልተያያዙ አሚኖ አሲዶች የሚቆዩበት ክምችት አለ፤ ላይሲን ደግሞ ከምግብ በኋላ በጡንቻ ውስጥ ለሰዓታት ሊቆይ ከሚችሉት መካከል ነው። በተጨማሪም ወደ አንጀት የሚፈሱት የምግብ መፍጫ ፈሳሾችና የሚረግፉ ሕዋሳት ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ፣ ተፈጭተው ተመልሰው ሲገቡ የአንዱን ማዕድ ጉድለት በከፊል ይሸፍናሉ።

ስለዚህ ጾሙን ስድስት ሰዓት ላይ ፈትቶ እንጀራ በጎመን የበላ ሰው ማታ ወፍራም የምስር ወጥ ከበላ፣ የቀኑ ሒሳብ እንደተሟላ ይቆጠራል። ምርጫው ነፃ የሚሆነው ግን በቀኑ ውስጥ ጥራጥሬው በቂ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጾሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው የቀኑ ማዕድ አንድ ስለሆነ፣ እህሉና ጥራጥሬው በዚያው ሰሃን ላይ ከነሙሉ መጠናቸው ሊገኙ ይገባል። እንዲህ ላለው ሰው ችግር የሚሆነው ቅንጅቱ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ በአንድ ጊዜ 100 ግራም ጥራጥሬ የሚወጣውን ወጥ መጨረስ ለብዙዎች ይከብዳልና፣ ከማዕዱ በኋላ ማታ ላይ ንፍሮ ወይም ቆሎ መጨመር ይረዳል።

እህሉ ሲመረጥ

ንጽጽሩ ግልጽ እንዲሆን ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰውን እንውሰድ። በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚያስፈልገው፣ የላይሲን ፍላጎቱ ወደ 2250 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ፕሮቲን ሁሉ ግን ተፈጭቶ ወደ ደም አይገባም፤ አምስት እጅ ቢበላ አራት እጁ ገባ ብለን ብንይዝ፣ በሰሃኑ ላይ 2800 ሚሊ ግራም ያህል ላይሲን መኖር አለበት ማለት ነው። ይህ ሰው በቀን 350 ግራም የእህል ዱቄት የሚበላ ቢሆን፣ የቀረውን ላይሲን የሚሞላለት ስንት ግራም ደረቅ ምስር ነው?

እህሉ ጤፍ ከሆነ 100 ግራም ያህል ምስር ይበቃል። ገብስ ላይሲኑ ከሌሎቹ እህሎች ከፍ ያለ በመሆኑ 85 ግራም ይበቃዋል፤ በበሶ፣ በቅንጬና በገብስ እንጀራ የሚኖር ቤተሰብ በዚህ በኩል ተጠቃሚ ነው። ነጭ የስንዴ ዱቄት 110 ግራም ገደማ ይፈልጋል። የስንዴ ፕሮቲን በደንብ ስለሚፈጭ ልዩነቱ ከላይሲኑ አንጻር እንደሚጠበቀው አይሰፋም፤ ላይሲን በብዛት የሚገኘው በፍሬው ጀርምና በውጭ ሽፋኑ አካባቢ ስለሆነም ያልተነፋ ዱቄት ከተነፋው ይሻላል። በቆሎ 120 ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ በተጨማሪ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድም ስለሚያንሰው፣ በቆሎ ዋና ምግብ በሆነባቸው አካባቢዎች ጥራጥሬ መቀነስ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ላይሲኑና ትሪፕቶፋኑ እንዲጨምር ተደርጎ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር መኖሩን የሚያውቅ ገበሬ ለቤቱ ፍጆታ ያንን ቢዘራ ልዩነቱን ያጠበዋል። ከሁሉም በላይ ጥራጥሬ የሚፈልገው ማሽላ ነው። ላይሲኑ ትንሽ ከመሆኑም ሌላ ፕሮቲኑ ሲበስል ለመፈጨት አስቸጋሪ ስለሚሆን ወደ 140 ግራም ምስር ይጠይቃል።

የጤፍ ብልጫ ላይሲኑ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ጤፍ ከበቆሎ እምብዛም አይለይም። ጤፍ የሚበልጠው ድኝ ባለው ጥንድ ነው፤ በአንድ ግራም ፕሮቲን ወደ 50 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ የምስርንና የባቄላን ጉድለት ከማንኛውም የአገራችን እህል በተሻለ ይሞላል። ለዚህም ይመስለኛል የጤፍ እንጀራና የምስር ወጥ ጥምረት፣ መጠኑ ከተስተካከለ፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ እንኳ የሚያስመካ የሚሆነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ጤፉን ከገብስ፣ ከሩዝ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ሲጋግሩ የጥራጥሬው ፍላጎት ከ100 ግራም ብዙ አይርቅም፤ እንጀራው ነጣ ማለቱ ብቻውን ሊያሳስባቸው አይገባም።

ቆጮ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። የፕሮቲን መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ በጾም ቀን ቆጮን ዋና ምግብ የሚያደርግ ቤተሰብ ፕሮቲኑን በሙሉ ከጥራጥሬ ማግኘት አለበት። 100 ግራም ጥራጥሬ ለላይሲኑ መጠነኛ መፍትሔ ቢሆንም የቀኑን ፕሮቲን ግማሽ ብቻ ይሰጣል፤ በቆጮ ላይ ጥራጥሬው በእጥፍ ቢጨምር ይመረጣል።

ጥራጥሬው ሲመረጥ

በጥራጥሬዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በእህሎቹ መካከል ካለው ያነሰ ነው። ምስር፣ አተርና ባቄላ በ100 ግራም ደረቅ ክብደት 1.7 ግራም ገደማ ላይሲን ስለሚሰጡ፣ በዋጋ፣ በጣዕምና በሚበስሉበት ጊዜ ይመረጡ እንጂ በአሚኖ አሲድ አይበላለጡም። ሽምብራ ግን ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በ100 ግራም የሚሰጠው ላይሲን 1.35 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በምስር 100 ግራም የሚበቃው ሰው በሽምብራ 125 ግራም ያስፈልገዋል። ይህ ሽምብራን አያስጥልም፤ ድኝ ያለው ጥንድ ከምስር ይልቅ በሽምብራ ይሻላልና። ነገር ግን ሽሮን ከሽምብራ ብቻ የሚያስፈጭ ቤተሰብ በጭልፋ ሲቆጥር ልዩነቱን ማስታወስ አለበት። ከሽምብራው ጋር አተር ወይም ባቄላ ቀላቅሎ ማስፈጨት የላይሲኑን መጠን ከፍ ያደርገዋል። አኩሪ አተር ከሁሉም የበለጠ ፕሮቲንና ላይሲን ይዟል፤ በሽሮ እህሉ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ቢጨመር ጣዕሙን ብዙ ሳይለውጥ ይጠቅማል። በደንብ መብሰሉ ግን ግዴታ ነው፤ በጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለው።

ጓያ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላይሲኑ ብዙ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ድርቅን የሚችል በመሆኑ በችግር ጊዜ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ በውስጡ አለ። በትንሽ መጠን በሽሮ ውስጥ ሲቀላቀል ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይኖራል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይመለስ ሽባነት ያስከትላል። በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅለው የሚበሉ ቤተሰቦች ለዚህ በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እህሉ ይዞት የሚመጣው ድኝ ያለው ጥንድ እንደሆነ ይታመናል። ቢሆንም መቀላቀሉን እንደ ዋስትና ቆጥሮ ጓያን ማብዛት ልክ አይደለም። ሌላ ጥራጥሬ መግዛት የሚችል ሰው ሌላውን ይምረጥ፤ የማይችል ደግሞ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ያፈራርቀው።

ከጥራጥሬ ጋር የሚደባለቁ ግን የጥራጥሬን ሥራ የማይሠሩ ምግቦች አሉ። የሱፍ ፍትፍትና ሰሊጥ ድኝ ያለውን ጥንድ ይሰጣሉ፤ ላይሲናቸው ግን ከእህል ብዙ አይሻልም። ስለዚህ እንጀራን በሱፍ የበላ ሰው ጥሩ ምግብ በላ እንጂ የእንጀራውን ጉድለት አልሞላም፤ ሱፉ የቀኑ ሽሮ ወይም ምስር ምትክ ሊሆን አይችልም። ኦቾሎኒም ከጥራጥሬ ወገን ይመደብ እንጂ በአንድ ግራም ፕሮቲን የሚይዘው ላይሲን 35 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ ማለትም እንደ ገብስ ነው። በጾም ወቅት ለልጆች ቁርስ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ እየቀቡ የሚሰጡ ወላጆች ኃይልና ስብ ሰጥተዋል፤ ላይሲኑን ግን ከሌላ ማዕድ መፈለግ አለባቸው።

የወጡ ዓይነት፦ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው

ከእህሉና ከጥራጥሬው ምርጫ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ጥራጥሬው በምን መልክ እንደሚቀርብ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ውኃ ነው። አንድ ሰው የሚበላው ቀጭን ሽሮ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ግራም ዱቄት ብቻ ይይዛል፤ ከዚያም ከፊሉ በርበሬና ቅመም ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይህን የበላ ሰው ጥራጥሬ እንደበላ ይሰማዋል፤ ከሚያስፈልገው ግን ሲሶውን እንኳ በትክክል አላገኘም። ተጋቢኖ ሽሮ በተቃራኒው ለአንድ ሰው 60 ግራምና ከዚያ በላይ ዱቄት ስለሚገባበት፣ አንድ ተጋቢኖ ከሁለት ቀጭን ሽሮ ጋር ሊስተካከል ይችላል። በቤት ውስጥ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ዱቄቱን ወደ ድስቱ ከመነስነሱ በፊት መለካት ነው፦ የተከመረ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ ከ12 እስከ 15 ግራም ያህል ይመዝናል። ለአራት ሰው የተሠራ ድስት ውስጥ አሥር ማንኪያ ብቻ ከገባ ለአንድ ሰው የደረሰው 35 ግራም አካባቢ ነው ማለት ነው፤ አሥራ አምስት ማንኪያ ግን 50 ግራም ያደርሰዋል።

የምስር ወጥና የክክ አልጫ ከሽሮ ለመገመት ይቀላሉ። አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ደረቅ ምስር ወደ 60 ግራም ይጠጋል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ ይህ ጥሩ ልክ ነው። አዚፋም ከድፍን ምስር ስለሚሠራና ውኃው ስለሚጠነፈፍ በትንሽ ሰሃን ብዙ ጥራጥሬ ይሰጣል። ዳቦን በፉል የሚመርጥ ሰው እንቁላሉንና እርጎውን ለጾም ቢተው እንኳ የባቄላውን መጠን እስካላሳነሰ ድረስ ጥምረቱ የተሟላ ነው፤ ፉሉ በውኃ ቀጥኖ ዳቦው ሦስት አራት ከሆነ ግን ቀጭን ሽሮ ላይ የተነገረው በእርሱም ላይ ይደርሳል። ንፍሮ ከሁሉም የተሻለ ያልተነገረለት አማራጭ ነው ባይ ነኝ። የባቄላ፣ የአተርና የስንዴ ንፍሮ ዘይት ሳይፈልግ፣ ጥራጥሬው ሳይቀጥን፣ ተዘፍዝፎ በመቀቀሉ ደግሞ ለመፈጨት ቀሎ ይበላል። ጥራጥሬውን ከስንዴው ቢያንስ እኩል ማድረግ ነው የሚጠበቀው።

ቆሎና ሽሮ አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ እርሱም እሳት ነው። ላይሲን በደረቅ ሙቀት ከስኳር ጋር ስለሚያያዝ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ቀድሞ ይበላሻል፤ የተያያዘውን ላይሲን አካል ሊጠቀምበት አይችልም። ምልክቱ በዓይን ይታያል። የሽሮ እህል ሲታመስ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ጥሩ መዓዛ ሲሰጥ መውረድ አለበት። ቡናማ ሆኖ ቅምጥጥ ያለ ሽታ ማምጣት ሲጀምር ከላይሲኑ ከፊሉ ጠፍቷል፤ በላቦራቶሪ በፕሮቲን መጠን ብቻ ቢመረመር ግን ጉዳቱ አይታይም። ጠቆር ያለ ሽሮ ጣዕሙ ለአንዳንዶች ይጥም ይሆናል፤ ዋና የፕሮቲን ምንጩ ሽሮ የሆነ ቤተሰብ ግን ቀለል አድርጎ ማመሱን ይምረጥ። ውኃ ባለበት ማብሰል፣ ማለትም ወጥና ንፍሮ፣ ላይሲኑን እምብዛም አይጎዳውም። የገብስና የሽምብራ ቆሎ ግን እንደ ሽሮው በእሳቱ ይወሰናል፤ ሽምብራው ሲበዛና እሳቱ ሲለዝብ ጠቃሚ መክሰስ ይሆናል፣ ገብስ ብቻ ሲሆንና ሲጠቁር ግን እህል ላይ እህል መጨመር ነው።

አንድ የጾም ቀን በሒሳብ

ክብደቷ 60 ኪሎ የሆነ አንዲት ሴት ረቡዕ ቀን የምትበላውን እንመልከት። ስድስት ሰዓት ላይ ከጸሎት በኋላ እንጀራ በቀጭን ሽሮ ትበላለች፤ ሽሮው 35 ግራም ዱቄት አለው። ማታ እንጀራ በጎመንና በድንች ትበላለች። የቀኑ እንጀራ በጤፍ ዱቄት ሲታሰብ 350 ግራም ነው።

ጤፉ 42 ግራም ፕሮቲንና 1180 ሚሊ ግራም ያህል ላይሲን ይሰጣታል። ሽሮው 7 ግራም ተኩል ፕሮቲንና 500 ሚሊ ግራም ላይሲን ይጨምራል። ከጎመኑና ከድንቹ 4 ግራም ፕሮቲንና 200 ሚሊ ግራም ላይሲን ብናስብ፣ ድምሩ 53 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 1880 ሚሊ ግራም ላይሲን ይሆናል። አራት አምስተኛው ብቻ ይገባል ስንል ፕሮቲኑ 43 ግራም፣ ላይሲኑ 1500 ሚሊ ግራም ላይ ይወርዳል። ከሚያስፈልጋት 50 ግራም ፕሮቲን የጎደላት ሰባት ግራም ብቻ ሲሆን፣ ከ2250 ሚሊ ግራም ላይሲን የጎደላት ግን ሲሶው ነው። ሆዷ ጠግቧል፣ ማዕዷ ላይም ጥራጥሬ አለ፤ ቢሆንም ከእንጀራው ያገኘችው ፕሮቲን በላይሲን ማነስ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ለአካል ግንባታ አይውልም፤ የተረፉት አሚኖ አሲዶች እንደ ማገዶ ይቃጠላሉ።

ማስተካከያው እንጀራ መጨመር አይደለም። በእንጀራ ብቻ ጉድለቱን ለመሙላት 280 ግራም ያህል ተጨማሪ ዱቄት፣ ማለትም ሁለት ያህል ተጨማሪ እንጀራ መብላት ይኖርባታል። ይልቁንስ ሽሮውን ወፍራም አድርጋ 50 ግራም ዱቄት ብታስገባበትና ማታ ከጎመኑ ጎን 50 ግራም ደረቅ ምስር የወጣውን አልጫ ብታቀርብ፣ ላይሲኑ በሰሃን ላይ 2930 ሚሊ ግራም፣ ወደ ደም የሚገባው 2350 ይደርሳል፤ ፕሮቲኑም 55 ግራም ይሆናል። የጨመረችው 65 ግራም ጥራጥሬ ነው። ቀኑን በሌላ መንገድ ማስተካከል ከፈለገች ማታ የሚቀርበውን ምስር በአንድ ሰሃን የባቄላ ንፍሮ ብትተካው ውጤቱ ያው ነው።

ሒሳቡ አንድ ሁኔታን ይጠይቃል፤ እርሱም የቀኑ ምግብ ለኃይል የሚበቃ መሆኑ ነው። ክብደት እየቀነሰች ያለች ወይም ከባድ የጉልበት ሥራ የምትሠራ ሴት በዚህ መጠን ብቻ ብትቆይ፣ አካሏ አሚኖ አሲዶቹን ለኃይል ስለሚያነድዳቸው ላይሲኑ በቁጥር ቢሟላም ለጡንቻ አይተርፋትም። በዘይት፣ በድንችና በተጨማሪ እንጀራ ኃይሉን ማሟላት ጥራጥሬውን ከመጨመር እኩል ያስፈልጋታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፍላጎቷ ከዚህ ከፍ ስለሚል የደረቅ ምስሩን የቡና ሲኒ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሙሉ ማድረግ ይኖርባታል። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ የፕሮቲኑን መጠን በሐኪሙ ምክር እንጂ በዚህ ስሌት አይወስን።

ለሕፃናት ሌላ ሕግ

ለአዋቂ በቀኑ ውስጥ መገናኘታቸው ይበቃል ያልኩት ለትንንሽ ልጆች አይሠራም። ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ሕፃን እያደገ ስለሆነ በእያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን ውስጥ ከአዋቂ የበለጠ ላይሲን ይፈልጋል፤ ሆዱ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ እህሉና ጥራጥሬው በአንዱ ገንፎ ውስጥ አብረው መገኘት አለባቸው። በጓቲማላ የሚገኘው የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪ ሪካርዶ ብሬሳኒ በበቆሎና በቦሎቄ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ፕሮቲኑ ግማሽ በግማሽ ከሁለቱ ሲመጣ ውጤቱ ከሁሉም የተሻለ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ይህም በክብደት ሰባት እጅ እህል ለሦስት እጅ ጥራጥሬ ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች የሚያውቁት ፋፋም የስንዴን ዱቄት ከጥራጥሬ ዱቄት ጋር የማቀላቀልን መንገድ የተከተለ ነው።

በቤት ለሚዘጋጅ የሕፃን ገንፎ ይህን ልክ መከተል አያስቸግርም። ሁለት ኩባያ የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት ላይ አንድ ኩባያ በቀላሉ የታመሰ፣ የተከካና የላመ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ይጨመራል። ልጁ ሆዱን የሚነፋው ከሆነ ጥራጥሬው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ደርቆ ከዚያ ቢታመስ ይሻላል፤ ጥራጥሬውን ከገንፎው ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም። ሽሮ ሲቀጥን ጥራጥሬው እንደሚያንስ ሁሉ፣ ገንፎው በውኃ እየቀጠነ በጠርሙስ እንዲጠጣ ማድረግም ልጁን ድርሻውን ያሳጣዋል፤ ከማንኪያው ላይ ተያይዞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ገንፎ ልኩ ነው። ሕፃኑ እናቱን እየጠባ ከሆነ የእናት ወተት ላይሲን ስለሚሰጠው፣ የገንፎው ጥራጥሬ ይበልጥ አስፈላጊ የሚሆነው ጡት ከተወ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ቤተሰቡ ጾም ላይ በሚሆንበት ጊዜም ለእርሱ የሚሠራው ገንፎ ከቤተሰቡ ድስት ተለይቶ ቢሠራ ይመረጣል።